አስሩ ዓመት በደብተር ላይ፦ ባለቤቴ ከመሄዷ በፊት አብረን የሞከርነው ነገር

ባለቤቴ ሐኪም ናት፣ እኔ ጠበቃ ነኝ። ይሄን ስጽፍ እሷ አሜሪካ የልብ ህክምና ፌሎሺፕ በሚባለው፣ ከስፔሻሊቲ በላይ ባለው ስልጠና ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ተራርቀን መኖር ከጀመርን አምስተኛ ዓመታችን ነው። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ እጮኛው ተመሳሳይ እድል አግኝታ "ፍቅር ይበልጣል ወይስ ሙያ፣ አንተ ያለፍክበት ሰው ነህ ንገረኝ" ብሎ መጣ። እኔም ለሱ የነገርኩት ሳንለያይ በፊት ከባለቤቴ ጋር በደብተር ላይ ያደረግነውን ነገር ነው፣ የሃሳብ ሙከራ በሉት፣ እሱንም ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው እንደዛ በደፈናው ሲጠየቅ መልስ የለውም፣ ሲበተን ግን አለው።

2011 ዓ.ም ጥር ላይ ነው። እጮኛዬ ነበረች። ከከተማ ራቅ ያለ ሆስፒታል ተመድባ ግዴታዋን ጨርሳ መጥታለች፣ ያኔ ተመራቂ ሐኪም የት ሄዶ እንደሚሰራ የሚለየው በዕጣ ነው፣ እሷም እጇን አስገብታ ያወጣችውን ወረቀት እስከዛሬ አስቀምጣዋለች። አንድ እሁድ ምሳ በልተን ቡና እየተፈላ "አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ አስር ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው" አለችኝ። የአሜሪካን የሐኪሞች ፈተና ልትወስድ፣ ከዛ ሪዚደንሲ፣ ሆስፒታል እየሰሩ ስፔሻሊስት የሚኮንበት ስልጠና፣ ልትገባ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት አስር የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው፣ ሌላውን አልሰማሁትም። እኔ ያኔ ሰላሳ ዓመቴ ነበር፣ አርባ ስል ታየኝ።

ሙያዬን ሰብስቤ ልከተላት እንዳልችል ሁለታችንም እናውቃለን። የህክምና እውቀት የትም አገር ያው ልብና ሳንባ ነው፣ እኔ የማውቀው ግን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ህግ፣ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት፣ የኢትዮጵያን ደንበኛ ነው። እዛ ሄጄ ጠበቃ ልሁን ብል ከዜሮ ነው። እሷ ደግሞ ቅር እንዲለኝ አልፈለገችም፣ "ተወው ካልክ እተወዋለሁ" አለች። እኔ ደግሞ ያንን ቃል መስማት አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ስንጣላ ተመልሶ እንደሚመጣ ገብቶኛል። "እኔ ባንተ ምክንያት..." የሚል ነገር ቤት ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ያኔ ነው እሷ ዕጣውን ያነሳችው። "እስቲ ማን እንደሚሄድ አናውቅም እንበል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ወይ አንተ ትሄዳለህ ወይ እኔ። ዕጣው ሳይወጣ በፊት ግን ሁለታችንም የምንፈርመውን ህግ እንጻፍ።" የእህቷን ልጅ ደብተር አምጥታ ሁለት ገጽ ቀደደች፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ።

እዚህ ጋ በዝርዝር ልናገር ምክንያቱም ጥቅሙ እዚህ ነው። ከዛ በፊት ባለው ሳምንት እኔ ለብቻዬ የምፈልገውን ነገር ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። አንደኛው "በየዓመቱ አንድ ወር አዲስ አበባ ትመጣለች" ይላል። ሁለተኛው "ቢያንስ በቀን አንዴ በቪዲዮ እናወራለን"፣ ሦስተኛው "ስትጨርስ ትመለሳለች"። ሦስቱም ላይ ግዴታ ያለበት የሚሄደው ሰው ብቻ ነው፣ እኔ ላይ አንድም ነገር የለም። ስጽፈው ይሄ አልታየኝም ነበር፣ እውነትም ተገቢ ነገር የጠየቅኩ ነበር የመሰለኝ። ዕጣው እኔ ላይ ሊወጣ እንደሚችል አስቤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያውን መስመር ገና ስጀምር እጄ ቆመ። በየዓመቱ አንድ ወር? ሪዚደንት በሳምንት እስከ ሰማንያ ሰዓት ይሰራል፣ የዓመት እረፍቱ ሦስት አራት ሳምንት ነው፣ እሱም ሁሌ በአንድ ላይ አይሰጥም። ቪዛው ካለፈበት ደግሞ ለመመለስ ሌላ ቪዛ ማስመታት አለበት፣ ያ እስኪያልቅ እረፍቱ ሊያልቅ ይችላል፣ ባስ ሲል ስራው ሊጠፋ ይችላል። እና ወደ "የቻለው ይሄዳል፣ ትኬቱን ሁለቱም ለዚህ ብለው ከሚያስቀምጡት ብር ነው" ብዬ ቀየርኩት። ሦስተኛው ላይ ደግሞ "ትመለሳለች" የሚለውን ሰርዤ "ከየሦስት ዓመቱ በኋላ ሁለቱም ተቀምጠው ይወስናሉ፣ አንዱ በቃኝ ካለ ሌላው አይወቅሰውም" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቶቻችንን ስንለዋወጥ እሷም ይሄንን የሦስት ዓመት ነገር በሌላ ቃል ጽፋው አገኘሁት።

ለምን ሦስት ዓመት? አስሩን ዓመት በትነን ስላየነው ነው። የውስጥ ደዌ ሪዚደንሲ ሦስት ዓመት ነው። በላዩ ላይ የልብ ፌሎሺፕ ሦስት ዓመት። አብዛኛው ከውጭ የሚሄድ ሐኪም በጄ ዋን ቪዛ ነው የሚማረው፣ ጄ ዋን ደግሞ ትምህርቱ ሲያልቅ አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት ኑር የሚል ግዴታ አለው። መመለስ ያልፈለገ ሰው ዌቨር የሚባል ከዛ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ብዙዎቹ የሚሄዱበት ኮንራድ 30 የሚባለው ነው፣ እያንዳንዱ ስቴት በዓመት ለሰላሳ ሐኪም ይሰጣል፣ በምትኩ ሐኪም የሚያንስበት ቦታ ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜውን ይሰራል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ ዓመት ደግሞ ነገር ሲዘገይ ብለን መያዣ አደረግን፣ አስር።

ይሄ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ሳየው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የመጀመሪያው ስድስት ዓመትና የመጨረሻው ሦስት ዓመት አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ስድስቱ ትምህርት ነው፣ ካላደረግሽው ያንን ሐኪም አትሆኚም። የመጨረሻው ሦስት ግን የሚገዛው እዛ መቅረትን ነው እንጂ ሙያውን አይደለም፣ ሙያውማ በስድስተኛው ዓመት እጇ ላይ አለ። ስለዚህ "አስር ዓመት የግድ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግዱ ስድስቱ ጋ ያበቃል። አማካሪ ሆኜ ብዙ ውል አንብቤያለሁ፣ ሰው የሚጎዳው "የግድ" የተባለው ውስጥ ምርጫ የሆነው ሲደበቅ ነው፣ እዚህም እንደዛ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ለስድስቱ ዓመት ሙያዋ ይቅደም፣ ምክንያቱም ኋላ የሚተካ ነገር አይደለም። ለሦስቱ ግን ፍቅራችን ይቅደም፣ ምክንያቱም ያኔ በሚዛኑ ሌላ ጎን ያለው ደሞዝና አገር ነው። ይሄን ስል እሷ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፣ አሁንም አልተስማማችም፣ ወደዛ እመጣለሁ።

ሁለተኛው ዙር ቦታ መለዋወጥ ነው። ሐኪሙ እኔ ብሆንስ? ይሄን ለራሴ ብቻ ሳይሆን ለእናቴ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ እኔ ሐኪም ብሆንና አሜሪካ አስር ዓመት ተማር ብባልስ?" ጎመን እየከተፈች ነበር፣ ቀና ሳትል "ትሄዳለሃ ልጄ፣ እሷማ ትጠብቅሃለች፣ ጨዋ ልጅ ናት" አለች። "እኔስ ብጠብቃት?" ስላት ቢላዋው ቆመ። ዝም ብላ ቆየችና "ወንድ ልጅ ብቻውን..." ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ባለቤቴን ከኔ በላይ ነው የምትወዳት። ግን ያቺ ያልጨረሰቻት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሰፈሩም የዘመዱም የኔም ሃሳብ ነበረበት። እኔ ሐኪም ብሆን ኖሮ ይሄ ጥያቄ ጥያቄ ራሱ አይሆንም ነበር፣ ሽኝት ነበር የሚደገሰው። "ፍቅር ወይስ ሙያ" ብዬ የምጨነቀው ሙያው የሷ ስለሆነ ነው ማለት ነው። ይሄን ካየሁ በኋላ "ተወው ካልክ እተወዋለሁ" ያለችው ነገር አልተመቸኝም፣ እኔ በሷ ቦታ ብሆን እንደዛ ብዬ እንደማልጠይቃት አወቅኩ።

ዕጣው የማይሰራበት ቦታ ግን አለ፣ እሱም ልጅ ነው። ማንም ይሂድ ማን የምታረግዘው እሷ ናት። እሷ ስትሄድ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አስሩ ሲያልቅ አርባ ሊሞላት ነው። ይሄን በዕጣ አስመስለን ልንጽፈው ሞክረን ሁለቴ ሰረዝነው። እኔ ለመጠበቅ የምከፍለውና እሷ ለመጠበቅ የምትከፍለው እኩል አይደለም፣ እኩል ያልሆነን ነገር እኩል አድርጎ መጻፍ ደግሞ ማታለል ነው። በመጨረሻ የጻፍነው "በዚህ ጉዳይ የሷ ድምጽ ሁለት ነው" የሚል ነው። ከሄደች በኋላ ከሐምሌ 2022 በፈረንጅ ጀምሮ ሪዚደንትም ፌሎውም በትምህርቱ ዘመን ቢያንስ አንዴ ስድስት ሳምንት ደሞዝ ያለው የወሊድ ወይም የህመም ፈቃድ እንዲሰጠው ተደነገገ፣ ሰምተን ደስ ብሎን ነበር፣ ግን ስድስት ሳምንት ጨርሶ ህጻን ይዞ ብቻውን ወደ ዲዩቲ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሆን ስናስበው ዝም አልን። እስካሁን ልጅ የለንም። ይሄ ይቆጨኛል፣ እሷንም ይቆጫታል፣ ደብተሩ ላይ ያልተፈታ ነገር ነበር፣ በኑሮም አልተፈታም።

ሦስተኛው ዙር ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። ሰው ስለ መለያየት ሲያስብ ኤርፖርት ላይ ማልቀሱን ነው የሚያስበው፣ ወይ ተመልሶ መገናኘቱን። እኛ ግን ከመሀል አንድ ተራ ቀን ያዝን፣ አራተኛው ዓመት ላይ ያለ ማክሰኞ፣ በሰዓት በሰዓት ጻፍነው። ምስራቅ አሜሪካ ብትሆን ብለን ነው የጀመርነው፣ እውነትም እዛ ደረሳት። በክረምታችን ወራት አዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። እሷ ከቤት የምትወጣው ንጋት 11:30 ላይ ነው፣ ያኔ እኔ ጋ ቀን 6:30 ነው፣ ፍርድ ቤትም ቢሮም ለምሳ የሚወጣበት። እሷ ማታ 1 ሰዓት ቤቷ ስትገባ እኔ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለታችንም የነቃንበት፣ ሁለታችንም ነጻ የሆንበት ሰዓት በቀን አንድ ብቻ ነው፣ የኔ ምሳ፣ የሷ መንገድ። ከዛ ደግሞ እነሱ ህዳር መጀመሪያ በፈረንጅ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፣ እሷ ስትወጣ እኔ ጋ 7:30 ነው፣ ምሳ አልቆ ችሎት ሊገባ ነው። እስከ መጋቢት ድረስ ያቺ ሰዓት ትጠፋለች ማለት ነው።

ይሄን ቀድመን ስላወቅን ህዳር ሲመጣ "ተለወጠችብኝ" አላልኩም፣ ሰዓቱ ነው የተለወጠው። የማውቃቸው ሌሎች ጥንዶች ልክ በነዛ ወራት ነው የሚጣሉት። እኛ ያደረግነው ለነዛ አራት ወራት በድምጽ መልእክት መኖር ነው፣ እሷ እየሄደች አምስት ደቂቃ ትቀርጻለች፣ እኔ ከችሎት ስወጣ እሰማዋለሁ፣ ማታ ቤት ስገባ የኔን እልካለሁ። "ቢያንስ በቀን አንዴ በቪዲዮ" የሚለው ህጌ ደብተሩ ላይ ነው የሞተው።

2013 መጋቢት ላይ ማች አደረገች፣ ማለትም ሪዚደንሲ የምትገባበት ሆስፒታል ደረሳት። ኢንተርቪዎቿ በሙሉ በኮቪድ ምክንያት በቪዲዮ ነበሩ፣ ካንዱ በስተቀር መብራት አልጠፋባትም። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ተጋባን፣ ሰኔ ላይ ሄደች።

አሁን ደግሞ ደብተሩ ላይ ፈጽሞ ያልነበረውን ልንገራችሁ። እኛ አገር ውጭ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መርዶ እንኳን ሰው ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦ፣ እዛ ያለ ዘመድ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት። በሁለተኛው ዓመት አባቴ ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ እኔ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ዲዩቲ ላይ ናት፣ ለምን አስጨንቃታለሁ፣ ሲድን እነግራታለሁ ብዬ ነው። አስራ አንድ ቀን በድምጽ መልእክት ስለ ዝናብና ስለ ደንበኛ አወራኋት። እህቴ ናት በስህተት የነገረቻት። ደውላ አልጮኸችም፣ "እኔ ሐኪም ነኝ፣ ሚስትህ ነኝ፣ አባትህ ሲታመም መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ" አለች፣ ከዛ ለሦስት ቀን መልእክት አልላከችም። እኔ በደግነት ያደረግኩት ነገር እሷን ከቤቱ አስወጥቷታል። መልሼ ሳስበው ደግሞ ከዛ በፊትም ትንንሽ ነገር መንገር አቁሜ ነበር፣ መኪናው ሲበላሽ፣ ከአከራዬ ጋር ስጣላ፣ "አሁን ይሄን ምን ያደርግላታል" እያልኩ። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ምልክቱ ይሄ ነው እላለሁ፦ ጥል ሳይሆን ትንንሹን ነገር መንገር ስታቆሙ ነው ርቀቱ የገባው፣ ጥልማ ገና የሚነጋገር ሰው ነው የሚጣላው። ደብተሩ ላይ አዲስ መስመር ጨመርን፦ ክፉ ወሬ በዛው ቀን ይነገራል፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን።

"ለምን አትከተላትም" የሚለው ከሁሉም ሰው የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ በዚህም ያወቅኩትን ልናገር። የጄ ዋን ባለቤት በጄ ቱ መሄድ ይችላል፣ የስራ ፈቃድ ጠይቆም መስራት ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ግን እሷ ዌቨር ካገኘች ቪዛዋ ኤች ዋን ቢ ወደሚባለው የስራ ቪዛ ይቀየራል፣ ያኔ እኔ ኤች ፎር፣ የባለቤት ቪዛ ያለኝ ሰው እሆናለሁ፣ ኤች ፎር ደግሞ የሷ የግሪን ካርድ ሂደት የሆነ ደረጃ ካልደረሰ በስተቀር መስራት አይፈቀድለትም። ማለትም ስድስት ዓመት የሆነ ስራ ለምጄ፣ ልክ እሷ ጥሩ ደሞዝ ስትጀምር እኔ ቤት እቀመጣለሁ። በዛ ላይ ያ የሁለት ዓመት ግዴታ ጄ ቱንም ይይዛል። መከተል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አልልም፣ ስራቸው የትም ቦታ የሚሰራ ሰዎች ሄደው ጥሩ ኖረዋል። ግን "ተከተላት" ሲባል የሚታየው የመጀመሪያው ቪዛ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውንም ጠይቁ፣ ህጉም ስለሚቀያየር ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ እንጂ ከዘመድ አትጠይቁ።

የመጀመሪያው የሦስት ዓመት ስብሰባችን ህዳር 2016 ላይ ነበር፣ የፌሎሺፕ ማች ውጤት ሊወጣ ሲል። ሁለታችንም ለብቻችን ወረቀት ላይ "እንቀጥል" ወይ "በቃኝ" ብለን ጽፈን በካሜራ እኩል አሳየን። ሁለታችንም "እንቀጥል" ነበር የጻፍነው፣ የኔን ግን የጻፍኩት ሦስት ቀን አስቤ ነው፣ ያንንም ነገርኳት። የዛን ዓመት ክረምት መጥታ አስራ ስምንት ቀን አብረን ነበርን። ከዛ ውስጥ ብዙውን ቪዛዋ እስኪታደስ እየጠበቅን ነው ያሳለፍነው፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንል ነበር።

አሁን ያለንበት ቦታ ይሄ ነው። ፌሎሺፑ 2019 ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ግን ዌቨር የሚሰጥ ስራ የሚፈለገው ከዛ ከዓመት በፊት ስለሆነ ምርጫው አሁን ነው። ሁለት ሆስፒታሎች አነጋግረዋታል። ደሞዙን ነገረችኝ፣ እኔ በስንት ዓመት እንደማገኘው አስልቼ ዝም አልኩ። እሷ የምትለው "ስድስት ዓመት የተማርኩትን ሦስት ዓመት ካልሰራሁበት እጄ አይረጋም፣ እዛ መጥቼ ደግሞ መሳሪያው ባይኖርስ" ነው። ይሄ ከንቱ ምክንያት አይደለም። ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ በደም ስር እስከ ልብ ማስገባት በመጽሐፍ አይጠናም፣ እጅ ነው፣ ስለዚህ እኔ "ግዱ ስድስቱ ጋ ያበቃል" ያልኩት ያኔ እንዳሰብኩት ጥርት ያለ መስመር ላይሆን ይችላል። ግን እኔም የምለው አለኝ፣ እዚህም ካቴተር የሚሰራባቸው ቦታዎች አሉ፣ የሁለት ዓመቱን ግዴታ እዚህ ጨርሳ መመለስ ብትፈልግ ያኔ አብረን እናስባለን፣ ዌቨሩን ከወሰደች ግን ልጅ የሚባለው ነገር ከሠላሳ ስምንት ዓመቷ በኋላ ነው። አሁንም ለመጨረሻው ሦስት ዓመት ፍቅራችን ይቅደም ባይ ነኝ። ስለምወዳት ብቻ አይደለም፣ ያኔ ማን እንደሚሄድ ሳናውቅ በየሦስት ዓመቱ አንዱ በቃኝ ማለት እንደሚችል ስለተፈራረምን ነው፣ እኔ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እንድመለስ ትጠብቀኝ ነበር፣ እኔም መመለስ እንዳለብኝ አምን ነበር።

ባለፈው እሁድ ደብተሩን በቪዲዮ ገልጬ የጻፍነውን ከመጀመሪያው አነበብኩላት፣ በራሷ እጅ ጽሁፍ ያለውን በካሜራ አስጠግቼ አሳየኋት። ረጅም ሰዓት አየችው። "ያኔ እጅ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር" አለች። ከዛ "እንደገና እንጻፈው፣ ማን እንደሚቀር ሳናውቅ" አለችኝ። ለመጪው እሁድ ዲዩቲ የላትም፣ እኔም ቀጠሮ አልያዝኩም፣ ሁለት ባዶ ገጽ ቀድጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ።